ምስሉ አብሮ ያልመጣ የኮን ጥያቄ፦ የጎደለችው ቁጥር የቷ እንደሆነች እንዴት ተገኘች

አንዲት የማስጠናት ተማሪ በስልኳ ታይፕ አድርጋ የላከችልኝ ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«በምስሉ እንደሚታየው ጫፉ ወደ ታች የሆነ የኮን ቅርጽ ያለው ዕቃ ውስጥ እስከ 8 ሴሜ ከፍታ ድረስ ውሃ አለ። የውሃው መጠን 320 ሴሜ³ ነው። ዕቃውን እስከ አፉ ለመሙላት ስንት ሴሜ³ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል? ሀ) 160 ለ) 400 ሐ) 760 መ) 1080»

ከስሩ ደግሞ «ቲቸር ራዲየሱ የለም እኮ፣ ያለ ራዲየስ የኮን ቮልዩም እንዴት ይወጣል?» ብላ ጽፋለች። «በምስሉ እንደሚታየው» የተባለው ምስል ግን አብሮ አልመጣም፣ ጥያቄውን የገለበጠችው ከጓደኛዋ ወርክሺት ላይ ነው፣ ወረቀቱ ያለው ጓደኛዋ ጋ ነው፣ ጓደኛዋ ደግሞ ለጊዜው ስልክ አታነሳም።

ራዲየስ ጎደለ ማለቷ የሚጠበቅ ነው። የኮን ቮልዩም ፎርሙላ ⅓πr²h ነው፣ ተማሪ ፎርሙላውን ይጽፍና ከጥያቄው ውስጥ ያገኘውን ቁጥር እየሞላ ይሄዳል፣ ባዶ የቀረችው ፊደል የጎደለችው ትመስለዋለች። እዚህ ጋ ባዶ የቀረችው r ናት ስለዚህ የጠፋው ራዲየስ ነው አለች። ችግሩ፣ ፎርሙላ ላይ ባዶ የሆነ ፊደል ሁሉ የጎደለ መረጃ ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ከሌሎቹ ተሰልቶ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለመልሱ ጭራሽ አያስፈልግም። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ስለዚህ ፎርሙላውን ወደ ጎን አድርገን መጀመሪያ የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነው፦ ይሄን ዕቃ ከነውሃው በወረቀት ላይ ልክ እንደሆነው ለመሳል ስንት ቁጥር ያስፈልግሻል? ቮልዩሙን ተይው፣ መሳል ብቻ። ትንሽ አሰበችና የዕቃው ሙሉ ቁመት፣ የአፉ ራዲየስ፣ የውሃው ከፍታ አለች። ትክክል ናት፣ ሦስት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ሌላው ነገር በሙሉ፣ የውሃው ፊት ስፋት፣ የግድግዳው ዘንበል ያለው ርዝመት፣ የውሃው ቮልዩም፣ ሁሉም ተሰልቶ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄው ከነዚህ ሦስት ውስጥ ስንቱን ሰጥቶናል? የውሃው ከፍታ 8 መሆኑ በቀጥታ ተሰጥቷል፣ ይሄ አንድ። 320 ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ባይሆንም ሦስቱን የሚያስተሳስር አንድ እኩልታ ይሰጠናል፣ ሁለት ማለት ነው። ሦስት የሚያስፈልግ፣ ሁለት የተሰጠ፣ ስለዚህ የጎደለው አንድ ቁጥር ነው፣ አንድ ብቻ።

ይሄ ቆጠራ ቀላል ይመስላል ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ አለው። የተሰጡት ነገሮች እርስ በርስ የሚደጋገሙ ከሆኑ ቆጠራው ያታልላል። ለምሳሌ ጥያቄው «የውሃው ፊት ራዲየስ ይሄን ያህል ነው» ብሎ ቢጨምርልን ሦስት መረጃ ያለን ይመስለን ነበር፣ እውነቱ ግን ያ ራዲየስ ከ8 እና ከ320 ተሰልቶ ስለሚገኝ ምንም አዲስ ነገር አልነገረንም። ለዚህ ነው ቁጥሮችን ብቻ መቁጠር የማይበቃው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ውጪ የሆነ አዲስ ነገር ይናገራል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ራዲየሱ እንመለስ። ውሃው ራሱ ትንሽ ኮን ነው፣ ከፍታው 8፣ ቮልዩሙ 320፦

```
320 = ⅓ · π · r² · 8
r² = 120/π ≈ 38.2
r ≈ 6.18
```

የውሃው ፊት ራዲየስ 6.18 ሴሜ ገደማ ነው፣ ጥያቄው ውስጥ ተደብቆ ነበር፣ አልጠፋም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለኔ የጥያቄው ቁልፍ ነው፦ የውሃው ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ከታወቀ የዕቃው ግድግዳ ምን ያህል ዘንበል እንዳለም ታወቀ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ነው ቅርጹን የያዘው። ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ በውሃው ጠርዝ በኩል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ሳቢ፣ ግድግዳው እሱ ነው፣ ከውሃው በላይም በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። የማናውቀው ብቸኛ ነገር ግድግዳው ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ የት ጋ እንደሚያልቅ ነው። የጎደለችው ቁጥር ይህቺ ናት፣ የዕቃው ሙሉ ቁመት።

ተማሪዋ ግን ወዲያው አላመነችም፣ ልክም ናት፣ ምክንያቱም «ጎደለ» ማለት የሚረጋገጥ ነገር ነው እንጂ በአስጠኚ ቃል ብቻ የሚታመን አይደለም። የማረጋገጫው መንገድ ጥያቄው ላይ ያለውን ቃል ሁሉ የሚያሟሉ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሰርቶ መልሳቸው ይለያያል ወይ ብሎ ማየት ነው። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ቁመቱ 10፣ ሌላውን 16 አድርጊ አልኳት። ሁለቱም ውስጥ ውሃው 8 ሴሜ ድረስ ነው፣ ሁለቱም ውስጥ 320 ሴሜ³ ነው፣ ግድግዳቸውም በአንድ ዓይነት ዘንበል ነው የሚሄደው።

ሙሉው ዕቃ እና ውሃው ተመሳሳይ ኮኖች ናቸው፣ ማለትም አንዱ የሌላው ትልቅ ቅጂ ነው፣ ስለዚህ ቁመቱ በሆነ እጥፍ ሲያድግ ራዲየሱም በዚያው እጥፍ ያድጋል፣ ቮልዩሙ ደግሞ በዚያው እጥፍ ኪዩብ ያድጋል። ቁመቱ 10 ከሆነ እጥፉ 10/8 ማለትም 1.25፣ ኪዩቡ 1.953125፣ በ320 ሲባዛ 625፣ ከሱ ላይ ያለው 320 ሲቀነስ 305 መጨመር አለበት። ቁመቱ 16 ከሆነ እጥፉ 2፣ ኪዩቡ 8፣ ሙሉው 2560፣ የሚጨመረው 2240። አንዱ 305 አንዱ 2240፣ ሁለቱም የጥያቄውን ቃል አንድም ሳያፈርሱ። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው በጽሑፉ ብቻ መልስ እንደሌለው የተረጋገጠው፣ የሚለያያቸው ነገር ቁመት ብቻ ስለሆነም የጎደለው የቱ እንደሆነ አብሮ ታየ። ሙሉ ቁመቱን H ካልነው፦

```
የሚጨመረው = 320 · ((H/8)³ − 1)
```

እዚህ ፎርሙላ ውስጥ r የለም፣ π የለም። ስትጨነቅበት የነበረው ራዲየስ ለመልሱ እንኳን አያስፈልግም። ምስሉ እስኪመጣ ድረስ ይሄን ይዛ እንድትቆይ ነገርኳት፣ ቁመቱ ሲገኝ አንድ መስመር ስራ ብቻ ነው የሚቀረው።

ምስሉን ግን መጠበቅ ብቻ አልነበረብንም፣ ምርጫዎቹ አሉ። ብዙ ሰው ምርጫን ለመገመት ነው የሚጠቀምበት፣ ለጠፋ ቁጥር ፍለጋ ግን በጣም ጠቃሚ ምልክት ነው ምክንያቱም ምርጫዎቹን የጻፈው ሰው የጠፋችውን ቁጥር እያየ ነው የጻፋቸው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ምርጫ ትክክለኛ መልስ ነው ብለን ወደ ኋላ ሄደን H ስንት እንደሚሆን አየን። 160 ከሆነ ሙሉው 480 ነው፣ ለ320 ሲካፈል 1.5፣ የ1.5 ኪዩብ ሩት 1.145 ገደማ፣ ቁመቱ 9.16 ይሆናል። 400 ከሆነ 10.48 ገደማ። 1080 ከሆነ 13.08 ገደማ። 760 ከሆነ ግን ሙሉው 1080፣ ለ320 ሲካፈል 3.375፣ ይሄ ደግሞ ልክ የ1.5 ኪዩብ ነው፣ ቁመቱ 12 ሴሜ ልክ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ንጹህ ቁጥር መስጠቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው። ቁመቱ 12 ነው ብለን የተሳሳቱ ምርጫዎች ከየት መጡ ብለን ጠየቅን። እጥፉ 1.5 ነው። ኪዩብ ማድረግ ረስቶ በቀጥታ በ1.5 ያበዛ ተማሪ 480 ያገኛል፣ 320 ሲቀንስ 160፣ ሀ ማለት ነው። በኪዩብ ፈንታ ስኩዌር ያደረገ በ2.25 አባዝቶ 720 ያገኛል፣ ሲቀንስ 400፣ ለ ነው። ኪዩቡን በትክክል ሰርቶ መቀነሱን የረሳ 1080 ላይ ያቆማል፣ መ ነው። ሦስቱም የተሳሳቱ ምርጫዎች ሦስት የታወቁ የተማሪ ስህተቶች ናቸው፣ ሦስቱም የሚወጡት ቁመቱ 12 ሲሆን ነው። አንድ ምርጫ ንጹህ ቁጥር ቢሰጥ አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል፣ አራቱም በአንድ ቁመት ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ ለማለት ይከብዳል።

ምርጫዎቹ ሌላም ነገር ነገሩን። ምስሉ ላይ ከቁመት ይልቅ የአፉ ራዲየስ ተጽፎ ቢሆንስ? እሱም ይበቃ ነበር፣ የውሃው ራዲየስ 6.18 መሆኑን ስለምናውቅ የአፉን ራዲየስ ለ6.18 አካፍለን እጥፉን እናገኝ ነበር። ግን ያኔ π ሂሳቡ ውስጥ ይገባና መልሱ እንዲህ ድፍን ቁጥር ሆኖ አይወጣም፣ አፉ 9 ሴሜ ነው ቢባል እንኳን እጥፉ 1.456 ገደማ ሆኖ ከየትኛውም ምርጫ ጋር አይገጥምም። ምርጫዎቹ ሁሉ π የሌለባቸው ድፍን ቁጥሮች መሆናቸው ምስሉ ላይ የነበረው ቁጥር የቁመት ዓይነት እንደሆነ ይጠቁማል፣ ወይ ሙሉው ቁመት ወይ ከውሃው በላይ የቀረው ባዶ ቁመት።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ሐ ብለሽ አክብቢና ሂጂ አላልኳትም። ከምርጫ ወደ ኋላ ተሂዶ የተገኘ 12 ጠንካራ ግምት ነው፣ የተሰጠ መረጃ አይደለም፣ ወርክሺቱ ላይ ምርጫው ራሱ በስህተት የታተመ ሊሆን ይችላል፣ ስራውን አሳዪ በሚባልበት ፈተና ላይ ደግሞ «ምርጫው ስለገጠመ» የሚባል ምክንያት ነጥብ አያስገኝም። ግምቱ የሚጠቅመው ለጓደኛዋ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ስለሚነግራት ነው። «ምስሉ ላይ ምን አለ?» ብላ ብትጠይቅ ጓደኛዋ «ኮን ነው ውሃ ያለበት» ብላ ትመልሳለች፣ ያ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አልኳት፦ ከኮኑ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት አለ? ካለ ቀስቱ ከየት ተነስቶ የት ያልቃል፣ አጠገቡ ያለው ቁጥርስ ስንት ነው? ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቀስቱን ሁለት ጫፍ መጠየቅ ግድ ነው፣ 12 እና 4 እዚህ ጋ አንድ ዓይነት መረጃ ናቸው፣ አንዱ ከታች እስከ አፉ ሌላው ከውሃው እስከ አፉ፣ ቀስቱ ካልታወቀ ግን ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል።

ከዚያ ጓደኛዋ መልስ በመጻፍ ፈንታ ፎቶ ላከች፣ ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ አንድ በኩሉ ተቆርጧል፣ ኮኑ ይታያል፣ ከላይ በኩል 4 የሚል ቁጥር አለ፣ የቀስቱ አንድ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ተማሪዋ ወዲያው «ቲቸር አገኘሁት! ራዲየሱ 4 ነው» አለችኝ። ቁጥሩ ከአፉ አጠገብ ስለሆነ ለራዲየስ ይመስላል፣ መጀመሪያውኑም ራዲየስ ነበር የምትፈልገው።

እዚህ ጋ ነው ቀድመን የሰራነው ስራ የጠቀመን። 4 የአፉ ራዲየስ ሊሆን ይችላል? የውሃው ፊት ራዲየስ 6.18 ነው፣ አፉ ከውሃው በላይ ነው ያለው፣ ኮኑ ደግሞ ወደ ላይ እየሰፋ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አፉ ከ6.18 መብለጥ አለበት። 4 አይሆንም። የአፉ ዲያሜትር ነው ብንል ራዲየሱ 2 ይሆናል፣ ይባስ። ሙሉ ቁመቱ 4 ነው እንዳንል ውሃው ብቻውን 8 ደርሷል። እንግዲህ ላይኛው ክፍል ላይ 4 ሊሆን የሚችል ምን ቀረ? ከውሃው ፊት እስከ አፉ ያለው ባዶ ቁመት፣ 8 ሲደመር 4፣ 12። ግድግዳው ላይ ተኝቶ የሚለካ ዘንበል ያለ ርዝመት ቢሆንስ ብላ ጠየቀችኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዛ መንገድ ቢሆን ባዶው ቁመት ከ4 ያንሳል፣ ሲሰላ 3.17 ገደማ ነው፣ H 11.17 ይሆናል፣ ከምርጫዎቹ ጋር ደግሞ አይገናኝም። በኋላ ጓደኛዋ ሙሉውን ፎቶ ስትልክ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከውሃው መስመር እስከ አፉ እንደሚሄድ በግልጽ ታየ።

ከዚያ ስራውን ራሷ ጻፈችው፦ ሙሉ ቁመት 8 + 4 = 12፣ እጥፍ 12/8 = 1.5፣ ኪዩቡ 3.375፣ ሙሉ ቮልዩም 1080፣ የሚጨመረው 1080 − 320 = 760። ማረጋገጫ ብዬ የሰጠኋት አጭር ነገር ደግሞ ቮልዩሙን ለቁመቱ ኪዩብ ማካፈል ነው፣ ተመሳሳይ ኮኖች ላይ ይሄ ቁጥር መለወጥ የለበትም። 320 ለ512 ሲካፈል 0.625፣ 1080 ለ1728 ሲካፈል 0.625።

እንግዲህ እዚያው ወርክሺት ላይ ቀጣዩ ጥያቄም ምስል አለው ተብሎ ምስሉ አልተገለበጠም፦ «ጫፉ ወደ ታች የሆነ ኮን እስከ ቁመቱ ግማሽ ድረስ ውሃ ተሞልቷል፣ ውሃው 90 ሴሜ³ ነው፣ ለመሙላት ስንት ይጨመር?» ተማሪዋ ይሄኛው ላይማ ከፍታውም የለም፣ የባሰ ጎድሏል አለች፣ እውነትም ሲቆጠር እንደዛ ይመስላል፣ ቁመት የለም ራዲየስ የለም። እዚህ ጋ ግን የመጀመሪያው ቆጠራ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆጥረው ዕቃውን ለመሳል የሚያስፈልገውን ነው፣ የተጠየቅነው ደግሞ ሌላ ነው። ዕቃውን በትክክል መሳል አንችልም፣ መልሱ ግን ለስዕሉ ሁሉ አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ማረጋገጫ፣ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሰርቶ መልሳቸውን ማወዳደሩን፣ ራሷ እንድትሰራው ተውኳት። አንዱን ኮን ቁመቱ 10 ውሃው 5፣ ሌላውን ቁመቱ 20 ውሃው 10 አድርጋ ሳለቻቸው፣ ሁለቱም ላይ እጥፉ 2 ሆነ፣ ኪዩቡ 8፣ ሙሉው 720፣ የሚጨመረው 630። አንዱ ቀጭንና ረጅም አንዱ አጭርና ሰፊ ሆኖ ሳለ ሁለቱም 630 ሲሉ፣ የዚህኛውን ምስል ከጓደኛዋ መጠየቅ እንደማያስፈልጋት ራሷ ነገረችኝ።